ሥራ ሲቋረጥ ወደ ባንክ ይዘነው የምንሄደው ቁጥር
(ባሕር ዳር፣ ከሥራቸው ለተቀነሱ ተበዳሪዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከሽምብጥም፣ ከዓባይ ማዶም፣ ከዘጌም ድረስ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። እባካችሁ ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ ቁጥር ስለምጽፍ ሰሌዳው እንዲታያችሁ እፈልጋለሁ።

ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች፣ በጀልባና በአስጎብኚ ሥራ፣ በአበባ እርሻ ስትሠሩ የነበራችሁ ናችሁ። ደመወዝ ነበራችሁ። ደመወዙን ተማምናችሁ ከባንክ ተበደራችሁ። ሥራው ቆመ፤ ብድሩ ግን አልቆመም። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ብቻ ነው፤ የወር ክፍያው ከአቅም በላይ ሲሆን ባንኩን «ክፍያዬን አሳንሱልኝ፣ ጊዜውን አርዝሙልኝ» ብሎ በደብዳቤ ስለመጠየቅ። ይህንን ባንኮቹ የብድር መክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ይሉታል፤ ሠራተኞቻቸው በአፋቸው «ሪስኬጁል» ሲሉ ትሰሟቸዋላችሁ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ፤ መቼ ይጠየቃል፣ ስንት ብር ይባላል፣ ደብዳቤው እንዴት ይጻፋል። ሁለተኛው ላይ ረጅም ጊዜ እቆያለሁ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያጣ ሰዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት እዚያ ነውና ታገሡኝ።

በመጀመሪያ፣ መቼ? ከሥራ ከተባረርን በኋላ ነው? ባንኩ ሲደውልልን ነው? አይደለም። ጊዜው የሥራ ማቋረጫው ማስጠንቀቂያ በእጃችን የገባ ዕለት ይጀምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ሥራውን ለሚለቅ፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል። በእነዚህ ሁለት ወራት ደመወዝ ይገባል፣ የብድሩም ክፍያ ይቆረጣል፣ ስለዚህ በባንኩ መዝገብ ላይ አንድም ቀን ያላሳለፈ ተበዳሪ ነን ማለት ነው። ያኔ የሚገባ ደብዳቤና ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የሚገባ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ቃል ቢይዙም አንድ ዓይነት ሚዛን የላቸውም።

ለምን? አንድ ብድር መክፈያው ካለፈ 90 ቀን ሲሞላው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ጤናማ ያልሆነ ብድር ተብሎ ይመደባል። ከዚያ በኋላ ባንኩ ለዚያ ብድር ከራሱ ገቢ መጠባበቂያ ለመያዝ ይገደዳል። ፋይላችሁ ከምታውቁት የብድር ባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ማስመለስ ክፍል ይሄዳል። በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል በኩልም ሌላው ባንክ ሁሉ ታሪካችሁን ያያል። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላም መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ባንኩ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ያለፈውን ወለድ፣ ሙሉውን ባይሆን የተወሰነውን፣ በጥሬው ክፈሉ ይላችኋል። ሥራ ያጣ ሰው ያንን ከየት ያመጣል? ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ 90 ቀኑን የመጨረሻ ቀን አድርጋችሁ አትቁጠሩት። የመጨረሻው ቀን የመጀመሪያው ያልተከፈለ ወር ነው ብላችሁ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ የሥራ ስንብት ክፍያውን በተመለከተ። ስትበደሩ አሠሪያችሁ ለባንኩ ደብዳቤ ጽፎላችኋል። ያንን ደብዳቤ ስንቶቻችን አንብበነዋል? ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ለባንኩ አሳውቃለሁ፣ የሚገባውንም ክፍያ በዚሁ ሒሳብ አስገባለሁ» የሚል ግዴታ አለበት። ስለዚህ የስንብት ክፍያችሁ የሚገባው ብድሩ ከተሳሰረበት የደመወዝ ሒሳብ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያለፈ ክፍያ ካለ ደግሞ የባንኩ ሲስተም ገንዘቡ እንደገባ ያለፈውን ከነቅጣቱ ይወስደዋል። ቤተሰብ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚኖርበት ብር በአንድ ሌሊት ሲቀነስ ያየ ሰው ባንኩ የበደለው ይመስለዋል፤ ውሉ ግን ያንን ይፈቅዳል። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለፈ ክፍያ ሳይኖር መድረስና ከስንብት ክፍያው ምን ያህሉ ለብድሩ እንደሚውል አስቀድሞ በደብዳቤ መነጋገር።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ስንት?

አንድ ሰው ለምሳሌ እንውሰድ። በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አምስት ዓመት የሠራ ነው እንበል። ደመወዙ 13,500 ብር ነበር። ከብድሩ የቀረው ዋና ገንዘብ 120,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 36 ወር፣ የወር ክፍያው 4,338 ብር። የወለዱ መጠን ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ እናንተ የራሳችሁን ከውላችሁ ላይ ታያላችሁ። ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰና ይህ ሰው ወጣ።

ወደ ባንኩ ሄዶ «በወር 1,500 ብር ልክፈል» ቢል ምን ይባላል? አይሆንም ይባላል። ለምን? ባለሙያው ጨካኝ ስለሆነ ነው? እስቲ አብረን እናስላ። 120,000 ብርን በ18 በመቶ እናባዛና ለ12 ወር እናካፍል። 1,800 ብር ይመጣል። ይህ የአንድ ወር ወለድ ብቻ ነው። 1,500 ብር የሚከፍል ሰው ወለዱን እንኳ አልሸፈነም፤ በየወሩ 300 ብር ይጎድላል። ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ ከተደመረ ከዓመት በኋላ ዕዳው 120,000 መሆኑ ቀርቶ ወደ 124,000 ብር ይጠጋል። አንድ ዓመት ሙሉ ከፍሎ ዕዳው አደገ! የብድር ባለሙያው ደብዳቤውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህችን ስሌት ነው። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ አድርጓት። የቀረ ዋና ገንዘብ፣ ሲባዛ በዓመቱ ወለድ፣ ሲካፈል ለ12። ከዚህ ቁጥር በታች የሆነ ሐሳብ ይዛችሁ አትሂዱ።

ታዲያ 2,000 ብርስ? ወለዱ 1,800 ከሆነ 200 ብር ከዋናው ይቀንሳል ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አካሄድ ዕዳው የሚያልቀው በ155 ወር፣ ወደ 13 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ነው። ለደመወዝተኛ በተሰጠ የግል ብድር ላይ ይህንን የሚቀበል የባንክ ብድር ኮሚቴ አይኖርም፤ እናንተም ብትሆኑ ልትፈልጉት አይገባም። ስለዚህ 2,000 ብር ለዘለቄታው አይሆንም፤ ለጥቂት ወራት ግን ይሆናል። ይህንን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ከቤቱ በኩል እንቁጠር። ባለቤቱ ትሠራለች፣ እጇ ላይ የሚደርሰው 7,000 ብር ነው። እሱ በቀን ሥራ አማካይ 3,000 ብር ያገኛል። ድምሩ 10,000። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ወጪ፣ መብራትና ውኃ፣ እድር ተደምሮ 8,000 ብር ይወጣል። የሚተርፈው 2,000 ብር ነው። ይህ የገቢና ወጪ ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል፤ ሲጻፍ ደግሞ እውነቱ ይጻፍ። ሁለት ቦታ ላይ ሰዎች ሲሳሳቱ ይታያል። አንደኛው ቁብ ነው። ቁባቸውን ይደብቃሉ፤ ባለሙያው ግን ስቴትመንቱ ላይ በየሳምንቱ ለአንድ ሰው የሚላክ ተመሳሳይ ብር ሲያይ ይጠይቃል። ዕጣው ከወጣላችሁ ቁቡ ዕዳ ነው፣ እንደ ዕዳ ይጻፍ። ዕጣው ካልወጣላችሁ ለምን እንደማታቋርጡት ወይም መቼ እንደሚደርሳችሁ ይጻፍ፤ እንዲያውም ዕጣው ለብድሩ ሊውል ይችላል። ሁለተኛው ስህተት ወጪን አሳንሶ መጻፍ ነው። አራት ሰው ያለበትን ቤት በ4,000 ብር እናስተዳድራለን ብላችሁ ብትጽፉ ባለሙያውም የሚኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ገበያውን ያውቃል። በዚያች መስመር ምክንያት ሌላውንም አያምናችሁም።

እንግዲህ ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኙ። ባንኩ ከ1,800 በታች አይቀበልም፤ ቤቱ ከ2,000 በላይ አይችልም። መንገዱ ያለው በመሃል ነው፤ ጠባብ ነው፣ ግን አለ። አከፋፈሉን በሁለት ደረጃ ከፍሎ መጠየቅ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 2,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ ከፍ ያለ ክፍያ፣ ጠቅላላው ጊዜ ከ36 ወር ወደ 60 ወር።

ስድስት ወር ለምን? ዝም ብሎ የተመረጠ መሆን የለበትም። የእኛ ከተማ ሥራ ወቅት አለው። በክረምት ሐይቁ ዳር እንግዳ ይቀንሳል፤ ከመስከረም በኋላ እስከ ጥምቀት ደግሞ ይጨምራል። ሰውየው ከሥራ የወጣው በግንቦት ከሆነና ከሰኔ ጀምሮ ያለውን ስድስት ወር ከጠየቀ፣ ሁለተኛው ደረጃ ሥራ በሚኖርበት በታኅሣሥ ይጀምራል። ዓሣ የሚነግድ ሰው ከሆነ በዓቢይ ጾም ገበያው ስለሚጨምር ደረጃውን ከዚያ ጋር ያገናኘው። የጠየቃችሁት ወራት ብዛት ከየት እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻላችሁ ኮሚቴው ፊት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ስሌቱን እንጨርስ። በስድስት ወር 2,000 ሲከፈል ዋናው ወደ 118,754 ብር ይወርዳል። ይህ በቀሩት 54 ወራት ሲከፈል በወር ወደ 3,225 ብር ይመጣል። ከ2,000 ወደ 3,225! ቤቱ ተጨማሪ 1,225 ብር ማግኘት አለበት። ይከብዳል። እዚህ ላይ ነው የስንብት ክፍያው የሚመጣው።

አዋጁ እንዲህ ይላል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ ደግሞ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። የእኛ ሰው አምስት ዓመት ሠርቷል። ለመጀመሪያው ዓመት 13,500፣ ለአራቱ ዓመታት 4,500 በ4 ሲባዛ 18,000፣ ለቅነሳው 27,000። ድምሩ 58,500 ብር፤ ከዚህ ግብር ይቀነሳል። ስንቶቻችሁ ናችሁ ይህ የ60 ቀኑ ያልተከፈላችሁ? እጃችሁን አታውጡ፣ ግን ወደ ቤት ስትሄዱ ወረቀታችሁን እዩት። ካልተከፈላችሁ ጥያቄያችሁ ከባንኩ በፊት ከአሠሪው ጋር ነው።

ገንዘቡ ሲገባ ሁለት ፈተና ይመጣል። አንዱ ሁሉንም ወስዶ ብድሩ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ዕዳ የሚያሳፍረው ጨዋ ሰው ይህን ያደርጋል፤ በሦስተኛው ወር የኪራይ ሲያጣ ደግሞ ክፍያውን ያቆማል። ሌላው ሁሉንም ይዞ ለባንኩ አንድ ብር አለማሳየት ነው። እኔ የምመክረው ከግማሽ በታች የሆነውን ለብድሩ፣ የቀረውን ለቤት መጠባበቂያ ነው። ሰውየው 20,000 ብር ለዋናው ገንዘብ ይክፈል እንበል። ዕዳው 100,000 ብር ሆነ። የወር ወለዱ ከ1,800 ወደ 1,500 ወረደ። አሁን 2,000 ሲከፍል በየወሩ 500 ብር ከዋናው ይቀንሳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ዕዳው ወደ 96,885 ብር ይሆናል፤ ያንን በ54 ወር ሲከፍል የወር ክፍያው 2,631 ብር ገደማ ነው። በ3,225 ፋንታ 2,631! ቤቱ ማግኘት ያለበት ጭማሪ ከ1,225 ወደ 631 ብር ወረደ። የቀን ሥራው ትንሽ ሲሻሻል ይህ ይሸፈናል፤ በመጥፎ ወር ደግሞ የተቀመጠው መጠባበቂያ አለ።

ሒሳቡን በስልካችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ኤክሴል ወይም የጉግል ሺትስ መተግበሪያ ካላችሁ ይህችን ጻፉ፤ 18 የሚለው ቦታ ላይ የራሳችሁን ወለድ፣ 54 ላይ የወራቱን ብዛት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የቀረውን ዋና ገንዘብ ታስገባላችሁ።

```
=PMT(18%/12,54,-96885)
```

አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ እባካችሁ ይህን ጻፉት። 20,000 ብሩን ዝም ብላችሁ ሒሳቡ ውስጥ አታስገቡ። ባንኩ እንደ ቀጣዮቹ ወራት ክፍያ ቆጥሮ በየወሩ 4,338 እየቆረጠ ሊጨርሰው ይችላል፤ ከአምስት ወር በኋላ ገንዘቡም የለም፣ አዲሱ አከፋፈልም የለም። መክፈያው ሲጸድቅ «ለዋናው ገንዘብ ቅነሳ እንዲውል» ተብሎ በጽሑፍ ተጠይቆ ነው የሚገባው።

ዋጋውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሰውየው በድሮው ውል ቢቀጥል ኖሮ በ36 ወር በድምሩ ወደ 156,000 ብር ይከፍል ነበር። በአዲሱ፣ ቅድሚያ የከፈለውን 20,000 ጨምሮ፣ ወደ 174,000 ብር ይከፍላል። ልዩነቱ 18,000 ብር ያህል ነው። ማራዘም ነፃ አይደለም። ጊዜ እየገዛን ነው። ስለዚህ ያለ ቅጣት ቀድሞ የመክፈል መብት በአዲሱ ውል ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን፤ ሥራ ሲገኝ ክፍያውን አሳድጎ ያንን 18,000 መቀነስ እንዲቻል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የተጠቀማችሁ ደግሞ፣ በሙራባሃ ከሆነ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ሸጦላችኋል፤ የሽያጩ ዋጋ አንዴ የተወሰነ ስለሆነ ጊዜ በመራዘሙ ዋጋው ሊጨምር አይገባም፤ ለእናንተ ስሌቱ የቀረውን ብር ለወራት ማካፈል ብቻ ነው።

አሁን ሦስተኛው፣ ደብዳቤው። ረጅም መሆን የለበትም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የምስኪንነት ታሪክ አያስፈልገውም፤ ባለሙያው ርኅራኄ ቢኖረውም ኮሚቴው ፊት የሚያቀርበው ቁጥር ነው። የእኛ ሰው የሚጽፈውን ላንብብላችሁ፤ ቀስ ብዬ አነባለሁ።

«ለ… ባንክ … ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ባሕር ዳር።

ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝና የወር ክፍያዬ እንዲሻሻልልኝ ስለመጠየቅ።

በብድር ሒሳብ ቁጥር … የግል ብድር ወስጄ እስከዚህ ወር ድረስ ያለማቋረጥ ስከፍል ቆይቻለሁ። የቀረው ዋና ገንዘብ 120,000 ብር፣ የወር ክፍያው 4,338 ብር፣ የቀረው ጊዜ 36 ወር ነው። እሠራበት የነበረው ሆቴል ባደረገው የሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት የሥራ ውሌ ከ… ቀን ጀምሮ የሚቋረጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል።

አሁን ያለው የቤተሰቤ ገቢ 10,000 ብር፣ ወጪው 8,000 ብር ነው። በዚህ መሠረት ከስንብት ክፍያዬ ላይ 20,000 ብር ለዋናው ገንዘብ ቅነሳ እንድከፍል፣ ከሰኔ ወር ጀምሮ ለስድስት ወራት በየወሩ 2,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለ54 ወራት በየወሩ 2,631 ብር እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ። የመጀመሪያው ክፍያ ከቅናሹ በኋላ የሚኖረውን የወር ወለድ 1,500 ብር ሸፍኖ ከዋናውም ይቀንሳል። ስድስት ወር የጠየቅሁት የሆቴልና የጉብኝት ሥራ ከክረምት በኋላ ስለሚነቃቃ ነው። ቋሚ ሥራ ባገኘሁ በ15 ቀን ውስጥ ለባንኩ አሳውቃለሁ፤ ክፍያውንም እንደ ደመወዜ መጠን አሳድጋለሁ።

ደመወዜ ከቆመ በኋላም ውሳኔ እስኪሰጠኝ ድረስ በየወሩ 2,000 ብር መክፈሌን እቀጥላለሁ። ዋሴ በዚህ ጥያቄ መስማማቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዣለሁ።»

ስምና ፊርማ፣ ስልክ፣ ቀን። አለቀ።

አስተውላችሁ ከሆነ «ወለዱ ይሰረዝልኝ» የሚል የለበትም። ወለድ ማሰረዝ ለቅርንጫፍ ሥልጣን በጣም ሩቅ ነው፤ እሱን ስትጠይቁ ዋናው ጥያቄያችሁ አብሮ ይዘገያል። ያለፈ ክፍያ ካለና ቅጣት ከተቆጠረ ግን የቅጣቱን ነገር ለይቶ መጠየቅ ይቻላል።

የዋሱ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጊዜው ሲራዘም የዋሱም ኃላፊነት ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ ባንኩ ያለ እሱ ፊርማ አያልፍም። አብዛኛውን ጊዜ ዋሱ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ምናልባት እሱም ተቀንሷል። ያኔ ምን ይደረጋል? ባንኩ ደርሶበት ከሚነግራችሁ እናንተ ቀድማችሁ ቋሚ ሥራ ያለው ሌላ ዋስ ይዛችሁ ቅረቡ። ዋሳችሁ ከባንክ በስልክ ከመስማቱ በፊት ከእናንተ በአካል ይስማ። ትዳር ካላችሁም የባለቤታችሁ ፊርማ ይጠየቃል፤ ገቢዋን በዝርዝሩ ውስጥ ካስገባችሁ ደግሞ የደመወዟ ማስረጃ ይያያዛል።

ከደብዳቤው ጋር የሚሄዱት እነዚህ ናቸው፦ የሥራ ማቋረጫ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የብድር ውሉ ኮፒ፣ ያሏችሁ የባንክ ሒሳቦች ሁሉ የስድስት ወር ስቴትመንት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የገቢና ወጪ ዝርዝር። በቴሌብር የሚከፈላችሁ ከሆነ የእሱም ዝርዝር ይውጣ፤ ለቀን ሠራተኛ ትልቁ የገቢ ማስረጃ እሱ ነው።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ይገባል፤ ሁለተኛው ላይ ገቢ የተደረገበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበታል። ለሥራ አስኪያጁ በቃል ነግሮት «እሺ፣ እናያለን» የተባለ ሰው ጥያቄ አላቀረበም! ሥራ አስኪያጁ ሲዛወር ያ እሺታ አብሮት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ አስተያየቱን ጽፎ ወደ ዲስትሪክት ይልከዋል፤ ከዚያ የብድር ኮሚቴ ያየዋል። ሳምንታት ይወስዳል። በእነዚህ ሳምንታት ክፍያ አታቁሙ። ደመወዝ ከቆመ በደብዳቤው ያላችሁትን 2,000 ብር በቀኑ ክፈሉ። ሙሉው ክፍያ ስላልሆነ ጉድለቱ እንዳለፈ ይቆጠራል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል፤ ይህንን እወቁት። ቢሆንም ኮሚቴው ፋይሉን ሲከፍት በተባለው ቀን የተባለውን ብር ያስገባ ሰው ያያል። ለዚህ ነው በማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ውስጥ ግቡ ያልኳችሁ፤ ሳምንታቱ ደመወዝ እየገባ ያልፋሉ። ክፍያ ለማሟላት ብላችሁ ደግሞ ከአራጣ አበዳሪ አትውሰዱ፤ አራጣ በሕግ ወንጀል ነው፣ ወለዱም ከባንኩ ጋር አይወዳደርም።

ተፈቀደ ተባለ እንበል። ወዲያው ይፈረማል? አይፈረምም። አዲሱን የመክፈያ ሰንጠረዥ ተቀበሉና የመጀመሪያውን መስመር እዩ። የተጻፈው ዋና ገንዘብ እናንተ ከምታውቁት ይበልጣል? ከበለጠ ያለፈ ወለድ ወይም ቅጣት ተደምሮበታል ማለት ነው፤ ስንት እንደሆነ በዝርዝር ጠይቁ። ወለዱ የድሮው ነው ወይስ በአሁኑ ተመን ተቀይሯል? ከ18 ወደ 20 ከወጣ ያሰላችሁት ሁሉ ይለወጣል። የአገልግሎት ክፍያና ኢንሹራንስ ተጨምሯል? ሦስቱን ካያችሁ በኋላ ፈርሙ፣ የተፈረመውን ኮፒም ያዙ።

ካልተፈቀደስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ገቢው አይበቃም» ከሆነ ቁጥሩን አሻሽሎ መመለስ ይቻላል፤ «ዋስ የለም» ከሆነ ዋስ ይፈለጋል። ምክንያት ካልተሰጣችሁ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ከዚያ ወደ ባንኩ ቅሬታ ሰሚ ሂዱ። ባንኮች የደንበኛን ቅሬታ የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ያስገድዳቸዋል። ነገር ግን ማራዘም የባንኩ ግዴታ እንዳልሆነ ልነግራችሁ ይገባል፤ ልታስገድዱት የምትችሉት ጥያቄያችሁን እንዲያይና እንዲመልስ ነው።

ቤት አስይዛችሁ የተበደራችሁ ጥቂቶች አላችሁ። ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ የያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ በፊት ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ያ ወረቀት በእጃችሁ ከገባ በነጋታው ቅርንጫፉ በር ላይ ተገኙ። ስልክ አትዝጉ፣ አድራሻ አትቀይሩ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አውጡ። ከፊታችሁ ባለው ቅጽ ላይ ሦስት ባዶ ቦታ አለ፤ የቀረ ዋና ገንዘብ፣ የዓመት ወለድ፣ ከወጪ የሚተርፍ። ውላችሁን የያዛችሁ ዛሬውኑ እዚሁ እንሞላለን፤ ባለሙያዎቹ በየጠረጴዛው ይቀመጣሉ። ያልያዛችሁ ነገ ጠዋት ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ የብድር ሒሳባችሁን ስቴትመንት አስወጡ፤ የቀረው ዋና ገንዘብ እሱ ላይ ይገኛል። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። እዚያ ጋ በነጠላ ያሉት እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር።